ወለድ ሲጨምር የሩቅ ተስፋ ይረክሳል



በ2022 መጨረሻ ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዲት መምህርት የሥራ ባልደረባዬ ከቀረን ሂሽታልሙት የደረሳትን ደብዳቤ ይዛ መጣች። ገንዘቧ በሙሉ የተቀመጠው በአክሲዮን «ማስሉል» ውስጥ ነበር። ከስንት ዓመት ደመወዝ የተጠራቀመው ገንዘብ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲቀንስ አይታ ደንግጣለች። የገንዘቡን ጉዳይ የሚያስተናግዳትን «ሶኼን» ብትጠይቀው ሁለት ነገር ነገራት። አንደኛ፣ «ኩባንያዎቹ ጤነኞች ናቸው፣ ሽያጫቸውም እያደገ ነው፣ ስለዚህ የወረደው ዋጋ ስሕተት ነው» አላት። ሁለተኛ፣ «የኑሮ ውድነት ሲመጣ አክሲዮን መጠለያ ነው፣ አትፍሪ» አላት። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ያው ሰው ደውሎ «ሁሉንም ወደ ሶሊዲ አዛውሪው» ብሎ መከራት። እሷም አዛወረችው።

እኔ ከዚያ ሰው ጋር የግል ጠብ የለኝም። ጠቤ ከቃሎቹ ጋር ነው። ሦስቱም ምክሮች የተሳሳቱ ነበሩ፤ ሦስቱንም ያሳሳታቸው አንድ ነገር ነው። ይኸውም ወለድ፣ በዕብራይስጡ «ሪቢት» የምንለው፣ የአክሲዮን ዋጋ የሚለካበት ሚዛን መሆኑን አለማወቅ፣ ወይም አውቆ አለመናገር ነው። ብዙዎቻችን ሪቢት የሚነካው የማሽካንታ ባለዕዳን ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ማሽካንታ የሌለውን፣ ቡርሳ የሚባለውን በዓይኑ አይቶ የማያውቀውን ሠራተኛ ጭምር በቀረን ሂሽታልሙቱና በጡረታው በኩል ይነካዋል። ስለዚህ ሒሳቡን በራሳችን ቋንቋ አንድ ጊዜ ቁጭ ብለን እንሥራው። ከአራተኛ ክፍል ሒሳብ ብዙም አያልፍም።

በዚህ አገር የምንኖር ሁሉ «ቼክ ዳሑይ» እናውቃለን፤ ዛሬ ተጽፎ ቀኑ ሲደርስ ብቻ የሚመነዘር ቼክ ነው። አንድ የታመነ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመነዘር የ1,000 ሼቄል ቼክ ቢሸጥልዎ ዛሬ ስንት ይከፍሉበታል? 1,000 አይከፍሉም። መንግሥት ገንዘብዎን ተቀብሎ በዓመት 2 በመቶ የሚከፍል ከሆነ፣ 961 ሼቄል መንግሥት ዘንድ ቢያስቀምጡ በሁለት ዓመት 1,000 ይሆናል። ስለዚህ ለቼኩ ከ961 በላይ የሚከፍል ሞኝ ነው። አሁን መንግሥት ወለዱን ወደ 5 በመቶ ከፍ አደረገ እንበል። በሁለት ዓመት 1,000 ለማግኘት አሁን 907 ሼቄል ማስቀመጥ ይበቃል። ስለዚህ የቼኩም ዋጋ ወደ 907 ይወርዳል። ከመቶው ስድስት ያህል ጠፋ ማለት ነው። ያስቆጫል እንጂ ቤት አያፈርስም።

አሁን ያው ሰው፣ ያው 1,000 ሼቄል፣ ነገር ግን ከ20 ዓመት በኋላ የሚመነዘር ቼክ ይሁን። ወለዱ 2 በመቶ ሲሆን የዛሬ ዋጋው 673 ሼቄል ነው። ወለዱ 5 በመቶ ሲሆን 377 ሼቄል ብቻ ነው። ከመቶው 44 ጠፋ! ልብ በሉ፤ የቼኩ ባለቤት አልደኸየም፣ ፊርማው አልተቀየረም፣ ቀኑ ሲደርስ የሚከፈለውም ያው 1,000 ነው። የተለወጠው ሚዛኑ ብቻ ነው። ምክንያቱም ወለዱ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይቀንስበታል፤ የሁለት ዓመቱን ቼክ ሁለት ጊዜ፣ የሃያ ዓመቱን ሃያ ጊዜ ይቆርጠዋል።

እንግዲህ አክሲዮን ማለት የዚህ ዓይነት ቼኮች ጥቅል ነው። ልዩነቱ ማንም ያልፈረመባቸው፣ መጠናቸውም በግምት የሚታወቅ መሆናቸው ነው። ዛሬ አትርፎ ዛሬ የሚያከፋፍል አሮጌ ኩባንያ፣ ለምሳሌ የምግብ ወይም የነዳጅ ድርጅት፣ ቼኮቹ በአብዛኛው ቅርብ ናቸው። «የእድገት ኩባንያ» የሚባለው ግን ዛሬ የሚያገኘውን ሁሉ ለሠራተኛ፣ ለማስታወቂያና ለአዲስ ሥራ ያውለዋል። ትርፉ ገና ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ይመጣል ተብሎ የሚጠበቅ ነው። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሉ ነበር። እኔ ላሚቱ የለችም አልልም፤ አንዳንዴ አለች፣ በኋላም ብዙ ወተት ትሰጣለች። ነገር ግን ወለድ ሲጨምር መጀመሪያ የሚረክሰው ይህ የሩቅ ወተት ነው።

ይህንን በአንድ እውነተኛ ኩባንያ እንየው። መንደይ ዶት ኮም የተባለው የቴል አቪቭ ኩባንያ ለድርጅቶች የሥራ ማደራጃ የኮምፒውተር ፕሮግራም በወርሃዊና በዓመታዊ ክፍያ ይሸጣል። በሰኔ 2021 ኒው ዮርክ በሚገኘው የናስዳክ ገበያ አንዱን አክሲዮን በ155 ዶላር ለሕዝብ ሸጠ። በ2021 ማለቂያ ላይ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ወደ 309 ዶላር ደርሶ ነበር። በ2022 ማለቂያ ግን ወደ 122 ዶላር ወርዷል፤ ከመቶው ስድሳ ጠፋ ማለት ነው። ታዲያ በዚያው ዓመት ኩባንያው ምን ሆነ? ሽያጩ በ2021 ከነበረበት 308 ሚሊዮን ዶላር በ2022 ወደ 519 ሚሊዮን አደገ፤ ከመቶ 68 ያህል ጨመረ።

እስኪ ልብ ብለን እናንብበው። ሽያጩ ከግማሽ በላይ አደገ፣ ዋጋው ከግማሽ በላይ ወደቀ። «ሽያጩ እያደገ ነውና የወረደው ዋጋ ስሕተት ነው» የሚለው የሶኼኑ ቃል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው በሁለቱም ዓመታት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የከሰረ ስለነበር፣ ገዢው የከፈለው ለዚያ ዓመት ትርፍ ሳይሆን ለሩቅ ዓመታት ትርፍ ነበር። በ2021 ማለቂያ ገበያው ለመላው ኩባንያ የሰጠው ዋጋ ከዓመቱ ሽያጭ ከ40 እጥፍ በላይ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ 11 እጥፍ ገደማ ወረደ። እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ ወለድ ብቻውን አላደረገውም። የሃያ ዓመቱ ቼካችን ከመቶ 44 ብቻ ነው የወደቀው። የቀረውን ያደረገው ሰዎች የወደፊቱን እድገት ራሱን ዝቅ አድርገው መገመታቸው ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ሁሉም ሰው ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር ሲሠራ የተገመተው እድገት ለዘላለም የሚቀጥል መስሎ ነበር። ወለዱ ሲጨምር ደግሞ ደንበኞቹም ወጪያቸውን መቆጠብ ጀመሩ። ስለዚህ የእድገት ኩባንያ በሁለት እጅ ይመታል፤ ቼኩ ይረክሳል፣ በቼኩ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃል እንምጣ፤ «አክሲዮን ከኑሮ ውድነት መጠለያ ነው» ወደሚለው። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ሰው ያሳስታል። ግማሹ እውነት ይኸውላችሁ። የሁሉም ዕቃ ዋጋ በየዓመቱ 3 በመቶ ይጨምራል ተብሎ ቢጠበቅ፣ ኩባንያውም የራሱን ዕቃ ዋጋ 3 በመቶ መጨመር ቢችል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ቼክ 1,000 መሆኑ ቀርቶ 1,806 ሼቄል ይሆናል። አበዳሪዎችም የዋጋውን ጭማሪ አስበው ወለዳቸውን ከ2 ወደ 5 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋሉ። ሒሳቡን ስትሠሩት የዛሬው ዋጋ ተመልሶ 673 ገደማ ይሆናል። አንዱ ጭማሪ ሌላውን አጣፋው። ስለዚህ የዋጋ ንረት ይመጣል የሚለው ግምት ብቻውን አክሲዮንን መጣል የለበትም።

ታዲያ ለምን ወደቀ? ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው፣ ሁሉም ኩባንያ ዋጋውን መጨመር አይችልም። የኮንትራት ዋጋው የተቆረጠበት፣ ተወዳዳሪ የበዛበት፣ ወይም ደንበኛው በቀላሉ ጥሎት የሚሄድ ኩባንያ የሠራተኛ ደመወዝና የዕቃ ወጪ ሲጨምርበት ትርፉ ይሳሳል። ሁለተኛውና በ2022 የከበደው ግን ሌላ ነው። ማዕከላዊ ባንኮች የዋጋ ንረቱን ለማፈን ወለዱን የጨመሩት ሕዝቡ ለወደፊቱ ከሚጠብቀው የዋጋ ጭማሪ በላይ አድርገው ነው። የሚያቆስለው ይህ ትርፍ ወለድ ነው፤ ከወለዱ ላይ የሚጠበቀው የዋጋ ንረት ሲቀነስ የሚቀረው። «እውነተኛ ወለድ» ብለን እንጥራው።

ማስረጃው ከአሜሪካ ገበያ ይገኛል፤ የእስራኤል የእድገት ኩባንያዎችም በብዛት የሚሸጡት እዚያው ነውና። በአሜሪካ የዋጋ ንረቱ በሰኔ 2022 ከዓመት በፊት ከነበረው 9.1 በመቶ ደረሰ። ሆኖም ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት በአማካይ ይጠበቅ የነበረው የዋጋ ንረት፣ ከመንግሥት ቦንዶች እንደሚነበበው፣ በ2021 ማለቂያ ከነበረበት 2.6 በመቶ ገደማ በ2022 ማለቂያ ወደ 2.3 ገደማ ዝቅ ብሏል። በሱፐር ማርኬቱ ያለው ዋጋ እየነደደ፣ የሩቁ ግምት ግን በረደ! በዚያው ዓመት የአሥር ዓመቱ እውነተኛ ወለድ ከዜሮ በታች 1 በመቶ ገደማ ከነበረበት ከዜሮ በላይ ወደ 1.5 በመቶ ገደማ ወጣ። የናስዳክ ገበያ መለኪያ በዓመቱ ከመቶው 33 ያህል ወደቀ። ብዙ አሮጌና አትራፊ ኩባንያ ያለበት ኤስ ኤንድ ፒ 500 ደግሞ ከመቶው 19 ያህል ወረደ። ልዩነቱ የሁለቱ ቼኮች ልዩነት ነው።

እዚህ አገርም ያው ሆነ። የእስራኤል ባንክ ወለዱን በሚያዝያ 2022 ከ0.1 በመቶ ማንሳት ጀምሮ በግንቦት 2023 ወደ 4.75 አደረሰው። በ2022 የማዳድ ጭማሪ 5.3 በመቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ታላላቆቹ ባንኮች ትርፋቸው አደገ፤ ለተበዳሪው ወለዱን ቶሎ ይጨምሩበታል፣ በ«ዖቬር ቫሽቭ» ገንዘባችንን ላስቀመጥነው ግን ምንም ሳይከፍሉ ይቆያሉና። እንግዲህ «አክሲዮን መጠለያ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ «የማን አክሲዮን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የባንክ አክሲዮንና ገና ያላተረፈ የሶፍትዌር ኩባንያ አክሲዮን በአንድ ስም ቢጠሩም በአንድ ዝናብ አይበቅሉም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ምክር እንሂድ፤ ለባልደረባዬ ብዙ ገንዘብ ያስከፈላት እሱ ነውና። ዋጋው ከወደቀ በኋላ «ወደ ሶሊዲ አዛውሪ» ማለት ምን ማለት ነው? የወለዱ ጭማሪ በዋጋው ውስጥ አንዴ ገብቷል። 673ቱ ቼክ 377 ከሆነ በኋላ፣ ወለዱ 5 በመቶ ላይ እንዳለ ቢቆይ ቼኩ እንደገና አይወድቅም፤ እንዲያውም በየዓመቱ 5 በመቶ እያደገ ወደ 1,000 ይጓዛል። ዋጋን የሚያንቀሳቅሰው የወለዱ ከፍታ ሳይሆን ማንም ያልጠበቀው ለውጥ ነው። ገበያው የባንክ ገዢው ነገ የሚናገረውን ዛሬ ገምቶ ይጨርሳል።

በ2023 የሆነው ይህንን በደንብ ያሳያል። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን ከ4.5 በመቶ ወደ 5.5 ጨመረ። «ወለድ ሲጨምር የእድገት አክሲዮን ይወድቃል» ብሎ በቃሉ የያዘ ሰው ናስዳክ ይወድቃል ብሎ ይጠብቅ ነበር። ናስዳክ ግን ከመቶ 43 ያህል ተነሣ! ምክንያቱ ምንድን ነው? ባንኩ የሚወስነው የአንድ ሌሊት ወለድ ነው፤ የሩቅ ቼክ የሚለካው ግን በአሥር ዓመቱ ወለድ ነው። የአሥር ዓመቱ ወለድ ደግሞ በ2023 መጀመሪያም መጨረሻም ከ4 በመቶ ትንሽ ዝቅ ብሎ እዚያው ቦታ ላይ ነበር። የዋጋ ንረቱ እየበረደ ስለሄደ ወለዱ ከዚያ በላይ ይወጣል የሚለው ፍርሃት ቀረ፤ የትልልቆቹ ኩባንያዎች የትርፍ ግምትም ተሻሻለ። ባልደረባዬ በውድቀቱ ጊዜ ውስጥ ነበረች፤ በትንሣኤው ጊዜ ግን ወጥታ ነበር። የወረደውን ዋጋ በገዛ እጇ ቆልፋ አስቀረችው።

«ሶሊዲ» የሚለው ቃልም ቢሆን ይመርመር። ቦንድ ማለት ቁጥሩ የተቆረጠ ቼክ ነው። ቀኑ ሩቅ የሆነ ቦንድ ወለድ ሲጨምር እንደ ሩቅ አክሲዮን ይወድቃል፤ ከማዳድ ጋር ያልተያያዘ ከሆነ ደግሞ የዋጋ ንረት ሲመጣ ቁጥሩን መጨመር እንኳ አይችልም። በ2022 ብዙ ሰው «ጠንካራ» በተባለ ማስሉል ውስጥ ሆኖ ገንዘቡ የቀነሰበት በዚህ ምክንያት ነው። ስሙን ሳይሆን የቼኮቹን ቀን ጠይቁ።

እኔ ለማንም ግዛ ወይም ሽጥ አልልም፤ ሙያዬም አይደለም። የሚቀጥለው ወለድ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ግን አትመኑት። ዘወትር ከወለድ ጋር ሊታዩ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነሱን መጠየቅ ለማንም አይከብድም።

መጀመሪያ፣ በማስሉሉ ውስጥ ያሉት ኩባንያዎች ዛሬ ያተርፋሉ ወይስ ወደፊት? የኩባንያው ዋጋ ለዓመት ትርፉ ሲካፈል 15 ከሆነ አብዛኛው ቼኩ ቅርብ ነው። 60 ከሆነ፣ ወይም ትርፍ ጨርሶ ከሌለ፣ ሩቅ ነው፤ የወለድ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ይህ ኩባንያው መጥፎ ነው ማለት ሳይሆን የሚያዘውን ትዕግሥት መናገር ነው።

ሁለተኛ፣ የጨመረው እውነተኛው ወለድ ነው ወይስ የዋጋ ንረት ግምት? ይህንን ለማወቅ በዚህ አገር ቀላል መንገድ አለ። መንግሥት ከማዳድ ጋር የተያያዘ ቦንድና ያልተያያዘ ቦንድ ይሸጣል። የተያያዘው የሚሰጠው ወለድ እውነተኛው ወለድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በግምት ገበያው የሚጠብቀው የዋጋ ንረት ነው፤ የእስራኤል ባንክም ይህን ግምት በየጊዜው ያወጣዋል። ልዩነቱ ብቻ ከሰፋ ዋጋ መጨመር የሚችል ኩባንያ ይቋቋመዋል። የተያያዘው ቦንድ ወለድ ራሱ ከጨመረ ግን የሩቁ ቼክ ሁሉ ይረክሳል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ የእኛ የራሳችን ቀን መቼ ነው? በሚቀጥለው ዓመት ለልጅ ሠርግ ወይም ለቤት መግዣ የሚወጣ ገንዘብ በሃያ ዓመት ቼክ ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ ወለዱ ቢጨምር ለመጠበቅ ጊዜ የለውምና። ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚጦር ሰው ግን የአንድ ዓመት ውድቀት መሸሻ ምክንያት አይሆንም። ባልደረባዬ ገንዘቧን ለማውጣት ገና ብዙ ዓመት ነበራት። ያንን ቀን ግን ማንም አልጠየቃትም። ስለ ኩባንያዎቹ ተነገራት፣ ስለ ገበያው ተነገራት፣ ማስፈረሚያው ቅጽ ተላከላት።

ቅጽ ሲላክልን ከመፈረማችን በፊት ይህችን አንዲት ጥያቄ እንጠይቅ፤ «በዚህ ማስሉል ውስጥ ያሉት ቼኮች የሚመነዘሩት መቼ ነው? የእኔስ?» መልሱን በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ ሊያስረዳን የማይችል ሰው ገንዘባችንን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እንዲያዛውር ልንፈቅድለት አይገባም።